ዳቦዋ ለኪራይ ስንት ታዋጣለች?

ከኋላሽ ቆሜ ደብተርሽን ሳየው ቆየሁ። ዱቄቱን፣ ኪራዩን፣ እርሾውን፣ ደሞዙን፣ መብራቱን በመጡበት ቀን አንድ ላይ ደርድረሽ ደምረሻል፤ ከሥሩ የወሩን ሽያጭ ጽፈሽ አቀናንሰሻል። ድምሩ ስህተት የለበትም። ግን ጠዋት «በቀን ስንት ዳቦ ብሸጥ ነው የማልከስረው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አይመልስልሽም። ለዚያ ወጪዎቹን ከሁለት መክፈል አለብን። በይ አዲስ ገጽ ግለጪና መሐሉ ላይ አንድ መስመር አስምሪ።

በግራ በኩል አንድም ዳቦ ሳትጋግሪ የሚጠብቅሽን ጻፊ። ቋሚ ወጪ የሚሉት ይህ ነው። የቤቱ ኪራይ 25,000 ብር። የጋጋሪው፣ የረዳቱና የሻጯ የወር ደሞዝ ተደምሮ 24,000። ጋጋሪውን በኩንታል የምትከፍይው ቢሆን ኖሮ የእሱ ወደ ቀኝ ይሄድ ነበር፤ የወር ደሞዝተኛ ስለሆነ ግን ብትጋግሪም ባትጋግሪም ይከፈለዋል። ውኃ፣ ስልክ፣ ቆሻሻ፣ የፈቃድ ማደሻው በወር ሲካፈል 1,500።

የአንቺ ደሞዝስ የታለ? አየሽ፣ አልጻፍሽውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የምትነሺው በነጻ አይደለም። 10,000 ብር ጻፊ። ይህን ሳታስገቢ «አልከሰርኩም» ብትዪ፣ ያልከሰርሽው ለራስሽ ሳትከፍይ ስለሠራሽ ብቻ ነው። ምድጃውንም ረስተሽዋል። በ360,000 ብር የገዛሽው ምድጃ አምስት ዓመት ቢያገለግልሽ በወር 6,000 ብር እያለቀ ነው። ዛሬ ማንም አይጠይቅሽም፤ የሚቀየርበት ቀን ግን ይመጣል።

መብራቱ አስቸጋሪ ነው፣ ሁለቱም ወገን አለበት። ምድጃው እስኪግል የሚበላው አንድ ዳቦ ብታስገቢም ሺህ ብታስገቢም ያው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከምትጋግሪው ጋር ይጨምራል። ለመለየት ሁለት ደረሰኝ ይበቃሻል። 26 ኩንታል በጋገርሽበት ወር 13,900 ከፍለሻል፣ 18 ኩንታል በጋገርሽበት ወር ደግሞ 10,700። በስምንት ኩንታል ልዩነት የመጣው 3,200 ብር ስለሆነ ለአንድ ኩንታል 400 ይደርሳል። 26 ጊዜ 400 ደግሞ 10,400 ነው፤ ከ13,900 ላይ ስትቀንሺው የሚተርፈው 3,500 ሳይጋገርም የሚመጣው ነው። እሱን ግራ፣ 400ውን ቀኝ አድርጊ። በሁለቱ ወራት መካከል ታሪፉ ተቀይሮ ከሆነ ግን ይህ መንገድ ያሳስትሻል፤ በአንድ ታሪፍ የተከፈሉ ደረሰኞች ፈልጊ። በይ አሁን ግራውን ደምሪው። ልክ 70,000 ብር።

ወደ ቀኝ እንሂድ። እዚህ በወር አትቁጠሪ፣ በኩንታል ቁጠሪ። ዱቄቱ 9,000፣ እርሾው 700፣ ጨው 75፣ ዘይትና ስኳር 600፣ ከረጢት 700፣ መብራት 400። ድምሩ 11,475 ብር ነው። እነዚህ ያንቺ የዚህ ወር ዋጋዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ግዢ ሲቀየሩ ገጹንም ትቀይሪያለሽ።

ከአንድ ኩንታል ስንት ዳቦ ይወጣል? «ወደ 1,400» አልሽኝ። በ«ወደ» ሂሳብ አይሠራም። ትናንት ማታ አብረን አይተነዋል፤ ከዱቄቱ፣ ከውኃውና ከሌላው ሁሉ፣ ጠረጴዛና ቡሃቃ ላይ የቀረው ተቀንሶ፣ 159 ኪሎ ያህል ሊጥ ወጣ። ምድጃ ውስጥ ውኃው ስለሚተን የ100 ግራም ዳቦ በ115 ግራም ሊጥ ይቆረጣል። ስለዚህ 1,380 ያህል ይወጣል፤ ያረረውና የተጣመመው ወጥቶ ለሽያጭ የሚደርሰው 1,350 ነው። ረዳትሽ ግን ከመጀመሪያው ትሪ በኋላ ሚዛኑን ትቶ በእጁ ግምት ነበር የሚቆርጠው። አምስቱን ድቡልቡል አንስቼ ስመዝን ሦስቱ 120 ግራም ሆኑ። አምስት ግራም እንዳትንቂ። ኩንታሉ ሁሉ በ120 ቢቆረጥ 58 ያህል ዳቦ ሳትጋግሪው ጠፋ፤ በ11 ብር ሂሳብ ከ600 ብር በላይ በየኩንታሉ።

እንግዲህ 11,475ን ለ1,350 አካፍዪው። አንዷ ዳቦ 8 ብር ከ50 ትፈጃለች ማለት ነው። በ11 ብር ትሸጫታለሽ። የሚቀረው 2 ብር ከ50 ነው። ይህ ትርፍ እንዳይመስልሽ፤ መዋጮ ነው። እድር ላይ እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን አምጥቶ ሣጥኑን እንደሚሞላው፣ እያንዳንዷ ዳቦም 2.50 ይዛ መጥታ የግራውን 70,000 ትሞላለች። ስንት ዳቦ ሲያዋጣ ይሞላል? 70,000ን ለ2.50 አካፍዪ። 28,000 ዳቦ በወር። እሑድ ስለምትዘጊ ለ26 ቀን ስትከፍይው በቀን 1,077 ይመጣል። ብሬክ ኢቭን የሚሉት ይኸው ነው፤ ከእሱ በታች ከኪስሽ ትጨምሪያለሽ፣ ከእሱ በላይ ያለችው እያንዳንዷ ዳቦ 2.50ዋን ላንቺ ታመጣለች።

«እኔ እኮ በቀን ሙሉ ኩንታል እጋግራለሁ፣ አልፌዋለሁ» ልትዪኝ ነው። ረጋ በዪ። 1,077 የተባለው የተሸጠው እንጂ የተጋገረው አይደለም። ማታ መደርደሪያው ላይ 60 ዳቦ ካደረ 510 ብር ወጥቶበታል። ያን ለመተካት 204 ዳቦ ተጨማሪ መሸጥ አለብሽ፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ የምታዋጣው 2.50 ብቻ ነው። አንዲት ያደረች ዳቦ የሦስት ዳቦ መዋጮ በልታ ታልፋለች። በማግስቱ በ4 ብር ብትሸጫት እንኳ 4.50 አጉድላለች።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ግማሹን ለሱቆች ነው የምትሰጪው፣ በ10 ብር። «አንድ ብር ብቻ ነው የቀነስኩላቸው» ትያለሽ። ከ11 ላይ አንድ ብር ትንሽ ነው፤ ከ2.50 ላይ ግን ብዙ ነው። የሱቅ ዳቦ የምታዋጣው 1.50 ብቻ ነው። ግማሹ 2.50፣ ግማሹ 1.50 ሲያዋጣ አማካዩ 2 ብር ይሆናል። 70,000 ለ2 ሲካፈል 35,000 ዳቦ ነው። በቀን 1,350 እየጋገርሽ አንዲትም ሳታድር ብትሸጪው በ26 ቀን የሚወጣው 35,100 ነው። መቶ ዳቦ ብቻ ይተርፍሻል፤ ወር ሙሉ ለፍተሽ 200 ብር። ሰው ዳቦሽን እየተሻማ ሣጥንሽ ለምን ባዶ እንደሚሆን እንግዲህ አየሽው።

እኔም ወድቄበታለሁ። ዳቦ ቤቴን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ካፌ በቀን 600 ዳቦ ልውሰድ ብሎ መጣ፣ ዋጋ ከቀነስሽልኝ ብሎ። ደስ ብሎኝ ተስማማሁ። ባንቺ የዛሬ ዋጋ ብመልሰው፣ በ9 ብር ልሰጠው እንደማለት ነው። አንዷ 50 ሳንቲም ታዋጣለች፤ በወር 15,600 ዳቦ 7,800 ብር። ግን የነበረኝ ጋጋሪ ያን ያህል አይችልም ነበርና ተጨማሪ ሠራተኛ ቀጠርኩ። የእሱ ደሞዝ ብቻ ባንቺ ሂሳብ 8,000 ነው፣ ዳቦውን ያመላለሰውን ባጃጅ አልቆጠርኩትም። ቋሚ ወጪ ቋሚ የሚሆነው እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው፤ ምድጃው ወይም ሰውየው ሲሞላበት በአንዴ ይዘላል። ያን ጊዜ 70,000 የሚለው ቁጥር አይሠራም፣ ገጹን እንደ አዲስ መጻፍ ነው። እኔ ያወቅሁት ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ሱቆቹን ጣያቸው አላልኩም። ከሰዓት በኋላ እንደሚያድር ያወቅሽውን ዳቦ በ10 ብር መስጠት ጥሩ ነው፤ 1.50 ማዋጣት 8.50 ከማጣት ይሻላል። ጠዋት ትኩሱን ለእነሱ ሰጥተሽ ደጅሽ ላይ በ11 ብር የተሰለፈውን ሰው «አልቋል» ማለት ነው የሚያከስርሽ። ሳምንት እየቆዩ የሚከፍሉሽን ደግሞ ለብቻ መዝግቢ፤ በደብተር ሞልቶ በሣጥን የሌለ ብር ዱቄት አይገዛም።

ዱቄት ሲጨምርስ? አከፋፋዩ ሰሞኑን 10,000 ይገባል ብሎሻል። አንድ ሺህ ብሩን ለ1,350 ዳቦ ስታካፍይው አንዷ ላይ 74 ሳንቲም ይጨምራል። መዋጮዋ ከ2.50 ወደ 1.76 ይወርዳል። ሁሉንም እዚሁ በ11 ብር ብትሸጪው እንኳ 39,800 ያህል ዳቦ ያስፈልግሻል፣ በቀን 1,530፤ ከአንድ ኩንታል በላይ። ዱቄቱ አንድ ዘጠነኛ ጨመረ፣ መሸጥ ያለብሽ ግን ከሦስተኛ በላይ ጨመረ። በ12 ብር ብትሸጪው መዋጮዋ 2.76 ይሆናል፤ 25,400 ያህል ይበቃሻል፣ በቀን 977 ገደማ። ስለዚህ «ደንበኛ ይሸሻል» ብለሽ ስትፈሪ ይህን አስቢ፤ በቀን 350 ዳቦ የሚገዛ ሰው ቢቀርብሽ እንኳ ሣጥኑ ይሞላል። በ11 ቆይተሽ ግን ማንም ሳይሸሽ ትከስሪያለሽ። ግራሙን ልቀንስ እንዳትዪ፤ 100 ግራም ብለሽ የሸጥሽውን 100 ግራም አድርጊው፣ ዋጋውን በግልጽ ጽፈሽ ለጥፊ።

70,000ን ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፊው፣ በእርሳስ። ሻጯ በየማታው እዚህ የተሸጠውን፣ ለሱቅ የሄደውንና ያደረውን ለየብቻ ትንገርሽ፤ የወሩ መዋጮ፣ ያደረው ተቀንሶ፣ 70,000 የሞላበትን ቀን ክበቢው። ባለፈው ወር በ22ኛው የሥራ ቀን ሞልቶ በዚህ ወር በ25ኛው ከሆነ፣ ወይ ዋጋ ተነክቷል፣ ወይ ዳቦ እያደረ ነው፣ ወይ ሊጡ በግምት እየተቆረጠ ነው። እሱን ደግሞ አሁኑኑ ማየት እንችላለን፤ ሊጡ ደርሷል፣ ተነሺ፣ ሚዛኑን ረዳትሽ ፊት አስቀምጪለት።