ፎቶዎን የወረቀት ቅርጽ ወይም ባለቀለም መስታወት ለማስመሰል ሲያስቡ ማወቅ ያለብዎ

ባለፈው ሚያዝያ 23 ለጊዮርጊስ ዲማ ሄጄ አክስቴን ፎቶ አነሳኋቸው። እኩለ ቀን ነው፤ ነጭ ነጠላ ተከናንበዋል፣ ከኋላቸው ያለው ሰማይም በብርሃን ነጥቷል። ስልኩ ላይ ያማረ ፎቶ ነበር። ወደ ጥቂት ጠፍጣፋ ቀለሞች ስቀንሰው ግን ነጠላው ከሰማዩ ጋር ተዋሐደና አክስቴ ፊት ብቻ ሆነው ቀሩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው ይዩት። እዚያ ላይ የማይለዩ ሁለት ነገሮች ቀለም ሲቀነስም ብዙ ጊዜ አይለዩም። እኔ ወደ ማታ፣ ጥድ ከኋላቸው አድርጌ ደግሜ አነሳኋቸው። ፀሐይዋ ከጎን ስለመታቻቸው አፍንጫቸውም ጥላ አገኘ፤ ጥላ የሌለው አፍንጫ ቅርጽ አይሆንም።

ቀጥሎ የቀለሙን ብዛት ይወስኑ። GIMP ውስጥ Posterize ላይ 3 ሲሉ ሦስት ቀለም የሚወጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እያንዳንዱን ለሦስት ስለሚከፍል እስከ 27 ቀለም ሊመጣ ይችላል። በትክክል ስድስት ቀለም ከፈለጉ በImage > Mode > Indexed ይሂዱ። አስቀድመው በMedian Blur ካላለሰለሱት ፊቱ በትናንሽ ነጠብጣቦች ይሞላል። ስድስቱ ቀለሞች የሚመረጡት በአብዛኛው ሰፊ ቦታ ከያዘው ነው። አክስቴ የመጀመሪያውን ህትመት አይተው «ጥለቴስ የት ገባ?» ያሉኝ ለዚህ ነው፤ ቀጭኑ ጥለት ግራጫ ሆኖ ቀርቷል።

ወረቀት ነው ወይስ መስታወት? Inkscape ውስጥ Trace Bitmap ላይ Stack የሚለውን ምልክት ቢያደርጉበት ቅርጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ፤ ለወረቀት የሚሆነው ይህ ነው። ምልክቱን ካነሱ ጎን ለጎን ይገጥማሉ፤ ለመስታወት ይስማማል፣ በመካከል ግን ነጭ ስንጥቅ ሊታይ ይችላል። መስታወት ላይ ስንጥቁን ጥቁሩ መስመር ይሸፍነዋል።

ከአንድ ወረቀት በምላጭ ሊቆርጡ ካሰቡ «ዲማ» ብለው ይሞክሩ። የ«ማ» ቀለበቶች ውስጥ ያለው ወረቀት የሚይዘው ስለሌለ ይወድቃል። ቀጭን ድልድይ ይተዉለት። የዓይን ብሌንም እንዲሁ ነው።

ለመስታወቱ አዲስ አበባ ከሄዱ አፍሪካ አዳራሽ ገብተው የአፈወርቅ ተክሌን መስኮቶች ይመልከቱ። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው። ጥቁሮቹ መስመሮች መስታወቱን የሚያገጣጥሙ ብቻ አይደሉም፤ ሥዕሉ ራሱ ናቸው። ኮምፒውተሩ መስመር የሚያወጣው ቀለም በሚለወጥበት ብቻ ስለሆነ ሰፊው ሰማይ ባዶ ይቀራል። እውነተኛ መስታወት ግን ያን ያህል ሰፊ ሆኖ በአንድ ቁራጭ አይገባም። ስለዚህ ከአክስቴ ትከሻ እስከ ጠርዙ አራት መስመር በእጄ ጨመርኩ፤ ፊታቸውን እንዳያቋርጥ ተጠንቅቄ። ጥለቱንም በቀይና በቢጫ እንዲሁ በእጄ መለስኩት።