በውጭ ምንዛሬ በተያዘ ቁጠባ ላይ የሚገኝ ትርፍና ኪሳራ አገማመት፦ የዳያስፖራ የዶላር ሒሳብ እንደ ማሳያ

ለበርካታ ዓመታት በዶላር የቆየ ቁጠባ በብር ሲተመን፣ የመጀመሪያው ቀን ተመን ከመጨረሻው ቀን ተመን ጋር ብቻ ይነጻጸርና ልዩነቱ ትርፍ ተብሎ ይወሰዳል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየጊዜው የገባ ከሆነ ግን ይህ አሠራር የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል።

ለማሳያ ያህል፣ አንድ በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ በኅዳር 2010 ዓ.ም. 2,000 ዶላር፣ በጥር 2012 ዓ.ም. 3,000 ዶላር፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. 1,000 ዶላር አስገባ እንበል። በየጊዜው የነበረው ተመን ሲጠጋጋ 27፣ 32 እና 55 ብር ነው። እያንዳንዱ ገቢ በገባበት ቀን ተመን ሲባዛ 54,000፣ 96,000 እና 55,000፣ በድምሩ 205,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ6,000 ዶላር ሲካፈል ለአንድ ዶላር 34.17 ብር ይደርሳል። የሦስቱ ተመኖች ተራ አማካይ 38 ብር ሲሆን፣ የገቢዎቹን መጠን ስለማያገናዝብ ለስሌቱ አያገለግልም።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ተመኑ 125 ብር ገደማ ነበር። ቁጠባው 750,000 ብር ስለሚያወጣ፣ በስም የሚታየው ትርፍ 545,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ተመን ብቻ ቢሰላ ግን ትርፉ 588,000 ብር ይመስል ነበር። ወለድ ካለ፣ በታሰበበት ቀን ተመን እንደ አዲስ ገቢ ይመዘገባል፤ ያለዚያ የወለድ ገቢ ከምንዛሬ ትርፍ ጋር ይደባለቃል። የመጨረሻው ትመና በባንኩ የመግዣ ተመን መሠራት አለበት፤ ቆጣቢው ዶላሩን ለባንኩ የሚሸጠው በዚሁ ተመን ነውና።

ቀጣዩ እርምጃ የዋጋ ንረትን ማገናዘብ ነው። ለስሌቱ ሲባል ብቻ፣ ከሦስቱ የገቢ ጊዜያት እስከ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የዋጋ ደረጃ እንደ ቅደም ተከተላቸው 4፣ 3 እና 1.4 እጥፍ ሆነ ይባል። የመግዛት አቅሙን ለመጠበቅ ቁጠባው 216,000፣ 288,000 እና 77,000፣ በድምሩ 581,000 ብር ማውጣት ነበረበት። ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ 169,000 ብር ብቻ ነው።

ውጤቱ በመጨረሻው ቀን ምርጫ ላይ በእጅጉ የተመሠረተ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ዋዜማ ቁጠባው 342,000 ብር ያወጣ ነበር፤ በስም 137,000 ብር ትርፍ ይታያል። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ዋጋ በ10 ከመቶ ጨመረ ቢባል፣ በዋዜማው የመግዛት አቅሙን ለመጠበቅ 528,000 ብር ገደማ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ያው ሒሳብ በእውነተኛ ዋጋ የ186,000 ብር ኪሳራ ላይ ነበር ማለት ነው።

በመሆኑም የአንድ ቀን ግምት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ተመኑ ለዓመታት በአስተዳደር ተይዞ በአንድ ጊዜ ሲለወጥ፣ ትመናው ከለውጡ በፊትና በኋላ ለየብቻ ሊቀርብ ይገባል።