ሂሳብዎ ሲታገድ መጀመሪያ የሚጻፈው ደብዳቤ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ ያላቸው አንዲት አንባቢ የደመወዝ ቀን ሲቃረብ የንግድ ሂሳባቸው ታገደባቸው። ለባንኩ የደንበኞች አገልግሎት በስልክ የላኩት መልእክት «ለሠራተኞቼ የምከፍለው የለኝም፤ እባካችሁ ክፈቱልኝ» ይላል። የቅርንጫፉ ሰዎችም በቃል «ይስተካከላል» አሏቸው።

ልመናው ይገባኛል፤ ግን ዋናውን ጥያቄ አልጠየቀም፦ ያገደው ማን ነው? ባንኩ ራሱ የደንበኛ መረጃ ስላልታደሰ አግዶ ከሆነ ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። በገቢዎች ትእዛዝ ከሆነ ግን ቅርንጫፉ መክፈት አይችልም። ስለዚህ የንግዱን ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጠቅሰው፣ በማን ትእዛዝ፣ በስንት ቁጥርና ቀን በተጻፈ ደብዳቤ እንደታገደ በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርገው ማኅተም ያለበትን ለራስዎ ያስቀሩ።

ደንበኞችን የሚያከስረው የቀን ቆጠራው ነው። በግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት በግብር ውሳኔ ላይ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ውሳኔው ወር በገባ በ5 ደርሶዎት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥና ሂሳቡ በ24 ቢታገድ፣ ቅሬታዎ የሚያልፍበት ቀን 26 ነው። እነዚያን ሁለት ቀኖች ባንክ ደጃፍ ላይ ያሳለፈ ሰው ስንት ጊዜ ወደ ቢሮዬ መጥቷል! የግብሩ ልክ ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ይዞ ይመጣል፤ ቀኑ ግን አልፏል። ለባንክ የተላከ መልእክት ቆጠራውን አያቆምም። ቅሬታው የሚገባው ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው፤ እዚያም ገቢ የተደረገ ቅጂ ይያዙ።

ግብሩ እንዳይሰበሰብ ያሰጋል ተብሎ የሚሰጥ የእግድ ትእዛዝ በአዋጁ አንቀጽ 42 መሠረት በ10 ቀን ውስጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ካላገኘ ይወድቃል። በተግባር ግን ባንኮች ቀን ቆጥረው በራሳቸው ሲከፍቱ ብዙም አይታይም፤ የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ይጠብቃሉ። ስለዚህ 10ኛው ቀን ሲያልፍ የፍርድ ቤቱ ፈቃድ እንዲታይዎት ለገቢዎችም ለባንኩም በጽሑፍ ያመልክቱ።

የሠራተኞቹ ደመወዝስ? «ልጆቼ ናቸው፣ ታገሡኝ ብያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል» አሉኝ አንባቢዋ። እመቤቴ፣ ዛሬ እሺ ያለ ሰው ነገ ቢከስዎት ይህን የሚያስረዳልዎት ማን ነው? የሂሳብ መታገድ የደመወዝ ዕዳን አያስቀርም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ለመጠየቅ ስድስት ወር አለው። መዘግየቱን ከተስማማችሁ መቼና ስንት እንደሚከፈል ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ከዘመድ ተበድረው በእጅ የሚከፍሉ ከሆነም እያንዳንዱ ሠራተኛ የተቀበለውን መጠንና ቀን የደመወዝ መክፈያው ላይ አስፍሮ ይፈርም፤ ያለዚያ አንዱን ወር ሁለቴ ይከፍላሉ።