በፎቶ ላይ የተጻፈ ፖስተር ስንተረጉም፦ የቱ ይቅደም? የቱስ ይታለፍ?

ፖስተር መተርጎም ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ሥራ ይመስላል። ቢበዛ ሃምሳ ቃል ነው። ችግሩ የሚመጣው ሃምሳው ቃል ሰው፣ ዕቃና ግድግዳ በተጨናነቀበት ፎቶ ላይ ተበታትኖ ሲቀመጥ ነው። ጋዜጣ ላይ ዓምድ አለ፤ ዓይናችን ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። እንዲህ ባለ ፖስተር ላይ ግን ዓይን መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ትልቁ ፊደል፣ ወደ ደማቁ ቀለምና ወደ ሰው ፊት ነው። ስለዚህ አንድም ቃል ሳንተረጉም አስቀድመን የንባቡን ቅደም ተከተልና የሚታለፈውን መወሰን ይኖርብናል። እንዴት እንደሚወሰን በክፍል ውስጥ በሠራነው አንድ መልመጃ ላሳይ።

ፖስተሩ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ ጉዳዩ የመጠጥ ውሃ ነው። ፎቶው የተነሣው አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቦኖ ጋ ነው። ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፣ በስተቀኝ ታች ማልያ የለበሰ ልጅ ኩባያ ይዟል። ከኋላ ኖራ የተቀባ ግድግዳ አለ።

የመጀመሪያው ሥራ ፖስተሩን ፎቶ ኮፒ አድርጎ እያንዳንዱን ጽሑፍ በእስክሪብቶ መክበብና ቁጥር መስጠት ነው። ይህን ስናደርግ ጽሑፉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ዲዛይነሩ ያስቀመጠው ነው፦ ርዕሱ፣ ሦስት አጫጭር መመሪያዎች፣ ከታች ያለች አንዲት ደቃቃ መስመር፣ የድርጅቱ ዓርማና የፎቶ አንሺው ስም። ሁለተኛው ካሜራው ሳይጠየቅ ይዞት የመጣው ነው፦ የማልያው ቁጥር፣ ጀሪካኖቹ ላይ ያለው የዘይት ስም፣ አንዱ ጀሪካን ላይ የተለጠፈ ወረቀት፣ ግድግዳው ላይ በቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ። ሁለቱ ወገኖች የሚዳኙት በተለያየ ሕግ ነው።

ከርዕሱ እንጀምር። እንግሊዝኛው ‹‹ክሊር ኢዝ ኖት ኦልዌይስ ክሊን›› ይላል፤ ሦስት ቦታ ተቆርጧል። ‹‹ክሊር›› በስተግራ ላይ በትልቁ፣ ‹‹ኢዝ ኖት ኦልዌይስ›› መሐል ላይ በቀጭን ነጭ ፊደል፣ ‹‹ክሊን›› ደግሞ ከልጁ ኩባያ አጠገብ እንደገና በትልቁ። ሦስት ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ብታዩት ነጩ ፊደል ነጩ ግድግዳ ውስጥ ይጠፋል። የሚቀረው ‹‹ክሊር … ክሊን›› ነው፤ የጠራ ንጹሕ ነው እንደማለት። መልእክቱ ተገለበጠ ማለት ነው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ እዚህ ይጠቅመናል። የሚያብረቀርቅ ሁሉ ወርቅ አይደለም በምንለው ስልት ‹‹የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም›› ብንል፣ ‹‹የጠራ ውሃ ሁሉ›› ከላይ፣ ‹‹ንጹሕ›› መሐል፣ ‹‹አይደለም›› ኩባያው ጋ ይወድቃል። መሐለኛው ቃል እንኳ ቢደበዝዝ አፍራሹ ቃል ትልቁ ቦታ ላይ ስለሆነ አንባቢው የጎደለውን ይፈልጋል እንጂ ተቃራኒውን ይዞ አይሄድም። እያንዳንዱን ቁራጭ እዚያው በነበረበት ቦታ ለየብቻ የሚተረጉም ሰው ግን ‹‹የጠራ / አይደለም ሁልጊዜ / ንጹሕ›› የሚል አማርኛ ያልሆነ አማርኛ ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጮቹን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር መሰብሰብ፣ እሱን መተርጎም፣ ከዚያ እንደገና መቁረጥ ነው።

ሦስቱ መመሪያዎች የተቀመጡት ፎቶው ላይ ባዶ ቦታ በተገኘበት ነው። ከላይ ስንወርድ የምናገኘው ‹‹ክደኑ››፣ ‹‹አፍሉ››፣ ‹‹አቀዝቅዙ›› የሚለውን ነው። ማንም ሰው ውሃ ከድኖ አስቀምጦ ሲያበቃ አያፈላም። እንዲህ ሲሆን የቦታው ቅደም ተከተል ይቀርና የሥራው ቅደም ተከተል ይገዛል፦ አፍሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ክደኑ። ቦታቸውን መቀያየር ካልተቻለ ቃሎቹ ፊት 1፣ 2፣ 3 ብሎ መጻፍ ይበቃል።

አሁን ወደ ደቃቃዋ መስመር እንምጣ። ብዙ ተማሪ መጀመሪያ የሚሰርዘው እሷን ነው፤ የግርጌ ማስታወሻ ትመስላለች። የምትለው ግን ውሃው ከፈላ በኋላ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆነ ለ3 ደቂቃ ይንተክተክ ነው። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንግሊዝኛውን ላዘጋጀው ሰው ‹‹3 ደቂቃ›› የሚለው ልዩ ሁኔታ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ለሚሰቀል ፖስተር ግን ዋናው መመሪያ እሱ ነው። ስለዚህ ከግርጌ ተነሥቶ ‹‹1. አፍሉ›› ከሚለው ሥር ይገባል። የፊደል ማነስ አንድን ጽሑፍ ለመዝለል በቂ ምክንያት አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ‹‹ይሄ ቢቀር አንባቢው የሚሠራው ሥራ ይለወጣል ወይ?›› ነው።

በዚሁ ጥያቄ ካሜራው ያመጣውንም እንመዝን። የማልያው ቁጥር ቢቀር ምንም አይለወጥም፤ ይታለፋል። የዘይቱ ስምም እንደዚያው። ወረቀት የተለጠፈበት ጀሪካን ግን ይለያል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ‹‹ለመጠጥ ብቻ›› ይላል፤ ‹‹ክደኑ›› የሚለው መመሪያም ቀስቱን ወደዚህ ጀሪካን ነው የሚያመለክተው። ስለዚህ ትርጉሙ ከጎኑ በትንሹ ይጻፋል። ዓርማው እንዳለ ይቆያል፤ የፎቶ አንሺው ስም አይተረጎምም፣ ግን አይጠፋም።

የቀረው ግድግዳው ነው። እሱ ላይ የተጻፈው ሁላችንም የምናውቀው ‹‹መሽናት ክልክል ነው›› ነው። ለእንግሊዝኛ አንባቢ ይህ የግድግዳው ጌጥ ያህል ነበር፤ ፊደሉን አያነበውማ! ፖስተሩ አማርኛ ሲሆን ግን ጽሑፉ ነፍስ ይዘራል። ከርዕሱ የመጀመሪያ ቁራጭ ሥር ስለሆነ ሰው ‹‹የጠራ ውሃ ሁሉ መሽናት ክልክል ነው›› ብሎ ያነባል፣ ይስቃል፣ ያልፋል። የምንተረጉመው ነገር የለም፤ ግን ዝም ብለን ማለፍም አንችልም። መፍትሔው ለዲዛይነሩ ማስታወሻ መጻፍ ነው፦ ርዕሱ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መደብ ይሰጠውና መደቡ የግድግዳውን ጽሑፍ ይሸፍን። መደቡ ሌላም ጥቅም አለው። የእኛ ፊደል የሚለያየው በጥቃቅን ጭረት ነው፤ ‹‹ሰ››ን ከ‹‹ሸ››፣ ‹‹ለ››ን ከ‹‹ሉ›› የምትለየው ጭረት በተዝረከረከ ፎቶ ላይ በቀላሉ ትጠፋለች።

በመጨረሻ ለዲዛይነሩ የሚሰጠው ወረቀት ሦስት ዓምድ ይኖረዋል፦ ቁጥሩ፣ አማርኛው፣ እና ‹‹ይዛወር፣ ይሸፈን፣ እንዳለ ይቆይ›› የሚል ትእዛዝ። ታትሞ ሲመጣ ፖስተሩን አይቶ ለማያውቅ ሰው ለአምስት ሴኮንድ አሳዩትና ምን እንዳነበበ በቅደም ተከተል ይንገራችሁ። ከርዕሱ በፊት ሌላ ነገር ከጠራ ወይም ‹‹አይደለም›› የሚለውን ካልጠቀሰ፣ መስተካከል ያለበት የፊደሉ ቦታና መጠን ነውና ወረቀቱ ወደ ዲዛይነሩ ይመለሳል።