የመደብር ድረ ገጽ በፍለጋ የሚገኝበት መንገድ
ከቁልፍ ቃል እስከ ምስክር ሊንክ

ማናቸውም ነጋዴ ድረ ገጽ ያሠራ እንደ ሆነ፣ ገጹ ብቻውን ገዢ አይጠራም። የማያውቀው ገዢ የሚመጣለት በጉግል ወይም በመሰል የፍለጋ መሣሪያ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ፣ ከቀረቡለት ገጾች መካከል ከላይ ከተደረደሩት አንዱን ሲከፍት ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የአንዱ መደብር ገጽ ከላይ፣ የሌላው ከታች የሚውልበትን ምክንያት ማወቅ ለነጋዴው ይጠቅማል።

የፍለጋ መሣሪያ ሥራውን በሦስት ደረጃ ይፈጽማል። በመጀመሪያ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው በሊንክ እየተሻገረ ያነባል። ቀጥሎም ያነበበውን በመዝገብ ያሰፍራል። በመጨረሻም ፈላጊው ቃል በጻፈ ጊዜ፣ ከመዝገቡ ተስማሚ የሆኑትን መርጦ በየማዕርጋቸው ይደረድራል። በመዝገቡ ያልሰፈረ ገጽ ምንም ያማረ ቢሆን አይታይም። መስፈሩን ለመመርመር በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የሚከተለውን መጻፍ ይበቃል፤ ከሁለት ነጥቡ በኋላ ባለው ምትክ የገዛ አድራሻን መጻፍ ነው።

```
site:example.com
```

ምንም ገጽ ያልወጣ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። ወይ ወደ ድረ ገጹ የሚያመለክት አንድም ሊንክ የለም፤ ወይም ሠሪው ሥራው እስኪያልቅ ብሎ ያኖረውን `noindex` የተባለ የክልከላ ትእዛዝ ሳያነሣ ረስቶታል።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ በአጅባር ከተማ ተቀምጦ የደጋውን የሱፍ ባና ከሸማኔዎች እየሰበሰበ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ አንድ ነጋዴ አለ እንበል። በድረ ገጹ ርእስ ላይ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ተጽፎበታል፤ ከሥሩም «ጥራት ያላቸው የባህል ዕቃዎች አቅራቢ» ይላል። ይህ አነጋገር ለሰው ዐይን ጨዋ ቢሆንም፣ ገዢው በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ የሚጽፈውን አንድም ቃል አልያዘም። «የባህል ዕቃ» የሚለውም ቢሆን እጅግ ሰፊ ስለ ሆነ፣ ብዙ ዘመን የቆዩ ትልልቅ ገጾች ይሻሙበታል። ትንሽ መደብር የሚያሸንፈው ጠባብ በሆነ ቃል ነው፤ «የሱፍ ባና ከደቡብ ወሎ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቍጥሩ ጥቂት ቢሆንም የሚሻውን አውቆ የመጣ ገዢ ነው።

ቁልፍ ቃል ሲመረጥ የሻጩ ቃልና የገዢው ቃል ልዩ ልዩ መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም። ነጋዴው «ባና» የሚለውን፣ የአዲስ አበባው ሰው «የሱፍ ብርድ ልብስ» ሊለው ይችላል፤ በውጭ አገር የሚኖረው ደግሞ `Ethiopian wool blanket` ብሎ ይጽፍ ይሆናል። በመፈለጊያው ሳጥን ቃሉን ጀምሮ መሣሪያው የሚጠቁመውን ማስተዋል አንድ ዘዴ ነው። በአማርኛ ግን ጥቆማው ጥቂት ስለ ሆነ፣ በስልክ የሚያዝዙ ደንበኞች ዕቃውን ምን ብለው እንደሚጠሩት በማስታወሻ መያዝ ይልቅ ይረዳል።

የቦታ ስም ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። መካነ ሰላም የምትገኝበት ወረዳ ቦረና ይባላል፤ ነገር ግን በኦሮሚያ ክልል በደቡብ ያለው ሰፊ አገርም ቦረና ስለሚባል፣ «የቦረና ምርት» ብሎ የፈለገ ሰው ዘወትር የሚያገኘው የዚያኛውን ነው። ስለዚህ «ቦረና፣ ደቡብ ወሎ» ብሎ አብሮ መጻፍ ያሻል። እንዲሁም የከተማይቱን ስም አንዱ «መካነ ሰላም»፣ ሌላው «መካነ ሠላም»፣ ሦስተኛው አጋጥሞ «መካነሰላም» ብሎ ይጽፈዋል። ለጆሮ ሁሉም አንድ ነው፤ በዩኒኮድ የፊደል መዝገብ ግን «ሰ» እና «ሠ» የየራሳቸው ቍጥር ያላቸው ሁለት ፊደሎች ናቸው። መሣሪያው ምንጊዜም እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ሁለቱንም ጽፎ የሚወጣውን ዝርዝር ማስተያየት ይሻላል። አጅባርም በላቲን ፊደል `Ajbar` እና `Ajibar` ተብሎ ይጻፋል። የተለመደውን አጻጻፍ በርእሱ፣ ሌላውን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ በተፈጥሮ ቦታው ማግባት ይበቃል።

ቃሉ ከተመረጠ በኋላ ዋናው ሥፍራው የገጹ ርእስ ነው፤ በፍለጋው ዝርዝር ላይ በጉልህ የሚታየው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና። የምሳሌያችን ነጋዴ ርእሱን እንዲህ ሊያርመው ይችላል።

```html
<title>የሱፍ ባና (ብርድ ልብስ) ከአጅባር፣ ደቡብ ወሎ</title>
```

ከዚያ በታች የባናው ርዝመትና ወርድ፣ ክብደቱ፣ ሱፉ የመጣበት ሥፍራ፣ ዋጋውና የሚላክበት መንገድ በግልጽ ቢጻፍ፣ ቁልፍ ቃሎቹ ሳይጠሩ ይመጣሉ። አንድን ቃል ሃያ ጊዜ መደጋገም ግን ገጹን እንደ አታላይ ያስቈጥረዋል። ቀድሞ በስውር ይጻፍ የነበረውን የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ጉግል ለማዕርግ እንደማይጠቀምበት እ.ኤ.አ. በ2009 አስታውቋል፤ ስለዚህ ለእርሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ሠሪ የሚሸጠው ባዶ ከረጢት ነው።

ሁለት ገጾች በቃል እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ከሚያበላልጧቸው ነገሮች አንዱ ባክሊንክ ነው። ይህም ማለት ከሌላ ሰው ድረ ገጽ ወደ ነጋዴው ገጽ የሚያመለክት ሊንክ ነው። የጉግል መሥራቾች ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱን ሊንክ እንደ ምስክር የሚቈጥር ነበር። ብዙዎች የመሰከሩለት ሰው ሲመሰክር ቃሉ ይከብዳል፤ ለሺህ ሰው በአንድ ቀን የሚመሰክር ግን ቃሉ ይቀልላል። ዛሬ መሣሪያው ብዙ ሌሎች ምልክቶችንም የሚመዝን ቢሆንም፣ ይህ መሠረት አልተለወጠም።

ለአጅባሩ ነጋዴ ምስክር የሚሆኑት አስቀድሞ የሚገበያዩት ናቸው። ባናውን በአዲስ አበባ የሚሸጠው መደብር በገጹ ላይ «ይህ ባና የመጣው ከአጅባር ነው» ብሎ ሊንክ ያኑር። ጐብኝዎችን ወደ ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የሚወስድ አስጐብኚ ድርጅት ስለ ደጋው ብርድ በሚጽፍበት ገጽ ባናውን ይጥቀስ። የንግድ ማኅበሩ የአባላት ዝርዝርም በድረ ገጽ ያለ እንደ ሆነ አድራሻው ይግባበት። እንዲህ ያሉ አምስት ሊንኮች ከአምስት መቶ የማይታወቁ ገጾች ይበልጣሉ። በፌስቡክ የሚለጠፈው ሊንክ ገዢ ሊያመጣ ቢችልም፣ ለማዕርግ እምብዛም አይቈጠርም።

«በመቶ የሚቈጠር ሊንክ በጥቂት ገንዘብ» እያለ የሚመጣ ደላላ ግን ሊሸሹት የሚገባ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2012 «ፔንግዊን» የተባለውን ማጣሪያ ካወጣ ወዲህ፣ ማዕርግ ለማሳደግ የተገዛ ሊንክ ወይ ከንቱ ይቀራል፣ ወይም ገጹን ወደ ታች ያወርደዋል። ገንዘቡ ከጠፋ በኋላ ማዕርጉን መልሶ ማግኘት ብዙ ወራት ይፈጃል።

ውጤቱን ለመለካት ጉግል ሰርች ኮንሶል የተባለውን ያለ ክፍያ የሚሰጥ መዝገብ መክፈት ነው። በምን ቃል እንደ ተፈለገ፣ ገጹ ስንት ጊዜ እንደ ታየና ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ ያሳያል። ከቶ የማይታይ ከሆነ ቃሉን ወይም ምስክሩን መፈተሽ ይገባል። ብዙ ጊዜ ታይቶ የማይከፈት ከሆነ ርእሱ ገዢውን አልሳበም ማለት ነው። ተከፍቶ ማንም የማያዝዝ ከሆነ ግን ፍለጋው ሥራውን ፈጽሟል፤ ጉድለቱ በዋጋው፣ በሥዕሉ ወይም በመላኪያው ውስጥ ነው። ማስተካከያው ፍሬ እስኪሰጥ ብዙውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት ስለሚወስድ፣ በየሳምንቱ ርእሱን መለዋወጥ የትኛው ለውጥ እንደ ጠቀመ ለማወቅ አያስችልም።