ማገዶን በድስት መመዘን

አንዲት እናት ቅዳሜ ገበያ ማገዶ ሊገዙ ወጡ እንበል። አንድ ሸክም ደረቅ እንጨት ሲመዘን 30 ኪሎ ሆነ፤ ዋጋው 300 ብር ነው። ከጎኑ አንድ ጆንያ ከሰል ቆሟል። እሱም 30 ኪሎ ይመዝናል፤ ዋጋው ግን 1,200 ብር ነው። (ዋጋው ለሒሳብ ትምህርት ብቻ የተወሰደ ነው። የሰፈራችሁን ዋጋ ተክታችሁ አስሉ።) ታዲያ ለኚህ እናት የቱ ይረክሳል? "እንጨቱ ነዋ!" የምትሉ ብዙዎች ናችሁ። ነገር ግን ሰው ማገዶ የሚገዛው ለክብደቱ አይደለም። ወጥ እንዲሠራለትና ቡና እንዲያፈላለት ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው ጥያቄ "ኪሎው ስንት ነው?" ሳይሆን "ስንት ድስት ያፈላል?" የሚለው ነው።

መለኪያ እንዲሆነን አንድ ጀሪካን ውሃ እንውሰድ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል። ይህን ውሃ በድስት በድስት እየቀዳን ሁሉንም እናፍላ። ይህ ሥራ የሚጠይቀው ሙቀት፣ አንድ መካከለኛ ቤተሰብ እንጀራ ሳይጨመር በቀን ለወጥና ለቡና ከሚፈልገው ሙቀት ጋር ይቀራረባል።

በሦስት ጉልቻ ላይ በደረቅ እንጨት ብናፈላው 3 ኪሎ ያህል እንጨት ይፈጃል። ይኸ ለምን በዛ? እንጨት ሙቀት አንሶት አይደለም። ሙቀቱ ከድስቱ ስለሚሸሽ ነው። እሳቱ ከሚሰጠው ሙቀት በአሥር ብንከፍለው ወደ ድስቱ የሚገባው አንዱ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው። የቀረው በጉልቻዎቹ መካከል በነፋስ ይወሰዳል፤ መሬቱንና ግድግዳውን ያሞቃል። ከፊሉም ሳይነድ ጢስ ሆኖ ይወጣል። ጢስ ማለት እኮ ያልነደደ ማገዶ ነው። ዓይን የሚያስለቅሰውና ሳል የሚያስነሳው፣ እናት ጀርባ ላይ ታዝሎ የሚውለውን ሕፃን ለሳንባ ምች የሚያጋልጠው ይኸው ከድስቱ የተረፈው ማገዶ ነው።

እንጨቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ በመጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት። እርጥብ እንጨት የገዛ ሰው ለውሃ ከፍሎ ተሸክሞ ገባ ማለት ነው። እርጥቡን በምን እናውቃለን? ሲነድ በጫፉ በኩል ሲስ ይላል፤ አረፋም ያወጣል። የደረቀው ግን ጫፉ ላይ የተሰነጣጠቀ ነው። ሁለቱን ፍልጦች ስታጋጩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንምጣ። ያንኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ለማፍላት በተራ የብረት ፈርኔሎ 1 ኪሎ ያህል ከሰል ይበቃል። ከሰል ከእንጨት ይበልጥ ሙቀት የታመቀበት ነው። ፈርኔሎውም ሙቀቱን ወደ ድስቱ ያስጠጋል። እንግዲህ የኚያን እናት ሒሳብ እንሥራ። ሸክሙ እንጨት በቀን 3 ኪሎ ሲነድ 10 ቀን ይቆያል። 300 ብር ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 30 ብር ይመጣል። ጆንያው ከሰል በቀን 1 ኪሎ ሲነድ 30 ቀን ይቆያል። 1,200 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 40 ብር ነው። በጆንያውና በሸክሙ መካከል የነበረው ልዩነት አራት እጥፍ ነበር። በድስት ሲመዘን ግን 10 ብር ብቻ ሆነ። ውስጡ ሸክላ ያለውን ላቀች የተባለውን ምድጃ ቢጠቀሙ ደግሞ ከአራት እጅ አንዱን ከሰል ያተርፋሉ። ጆንያው 40 ቀን ይሄድና በቀን 30 ብር ይሆናል፤ ከእንጨቱ ጋር እኩል መጣ ማለት ነው። ባጭሩ የከሰል ኪሎ ከእንጨት ኪሎ ከሦስት እጥፍ በላይ ከተወደደ በተራ ፈርኔሎ እንጨቱ ይሻላል።

ይኸ የኪስ ሒሳብ ነው። የዛፉ ሒሳብ ሌላ ነው። ከሰል አክሳዩ እንጨቱን በአፈር ከድኖ ሲያከስል ብዙው ሙቀት እዚያው ጉድጓዱ ላይ ይቀራል። 1 ኪሎ ከሰል ለማውጣት 7 ኪሎ ያህል እንጨት ይሄዳል። በጉልቻ 3 ኪሎ እንጨት ይሠራው የነበረው ሥራ፣ በከሰል ሲሆን 7 ኪሎ እንጨት በላ። ጢሱም ቢሆን የቀረ እየመሰለን ነው እንጂ ከማድ ቤት ወደ ማክሰያው ነው የሄደው።

ከሰል አይጨስም ብለን የምናምነው ነገር ሰው ይገድላል። ፍም ሲነድ ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ አየር ያወጣል። ስሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ አየር ደም ውስጥ ገብቶ የንጹሕ አየርን ቦታ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። በክረምት ብርድ ጊዜ ፈርኔሎ ወደ መኝታ ቤት ይገባና በር ይዘጋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፤ ቀጥሎ ያቅለሸልሻል፤ ጉልበት ይከዳል። በእንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው ያልፋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትቀመጡ። በሩን በርግዱት፤ ሰዎቹን ወደ ደጅ አውጧቸው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ፍሙ ቀይ ሆኗል፣ ጢሱ ጠፍቷል ብሎ ማስገባት አያድንም። አመድ አልብሶ ማሳደርም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አመድ ውስጥ ያለ ፍም መርዙን ማውጣቱን አይተውም።

ላምባ ወይም ነጭ ጋዝ የምንለው ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ነው። በክር ምድጃ ለአንድ ጀሪካን ውሃ ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ በቀን 30 ብር ከሚያስወጣው እንጨት ጋር እኩል እንዲሆን ሊትሩ ከ60 ብር መብለጥ የለበትም። ጢሱ ከእንጨት ጢስ ያንሳል፤ ይሁን እንጂ ጥቀርሻውና ሽታው ሳንባ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2007 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቤት ውስጥ ላምባ ማንደድን አልደገፈም። ሌላው ጉዳቱ ጠርሙሱ ነው። ላምባ ውሃ ስለሚመስል በመጠጥ ጠርሙስ ሲቀመጥ ሕፃናት ይጠጡታል። የጠጣን ልጅ አታስመልሱት፤ ሲመለስ ወደ ሳንባ ይገባልና። ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የሲሊንደር ጋዝ በሙቀት ብርታትና በንጽሕና ከላምባ ይበልጣል። ሩብ ኪሎው የኛን ጀሪካን ያፈላዋል፤ ድስቱም አይጠቁርም። 12 ኪሎ የሚይዝ ሲሊንደር በዚህ ሒሳብ 48 ቀን ይቆያል። በቀን 30 ብር ከሆነው እንጨት ጋር እኩል የሚሆነው ማስሞያው 1,440 ብር ሲሆን ነው። ለገበሬ ቤት የሚከብደው ግን ይኸ ብቻ አይደለም። ሲሊንደሩና ምድጃው በአንድ ጊዜ መገዛት አለባቸው። ጋዙ ሲያልቅ ደግሞ ባዶውን ተሸክሞ እስከ ከተማ መሄድ አለ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካመለጠ ወለሉ ላይ ይተኛል። እንዲታወቅ ተብሎ መጥፎ ሽታ ተጨምሮበታል። ሽታው ከመጣ ክብሪት አትጫሩ፤ መዝጊያውን ዝጉና በሩን ክፈቱ። የሚያመልጥበትን ቦታ የምንፈልገው የሳሙና አረፋ ቀብተን ነው። አረፋው የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

አምስተኛው ማገዶ በገዛ በረታችን ውስጥ አለ። እበት ከውሃ ጋር ተበጥብጦ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ሲቀመጥ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ያብላሉትና የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። ባዮጋዝ የሚባለው ይኸ ነው። ባገራችን በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ግድም ተሞክሯል። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በገጠር ቤቶች የማስፋፋት ፕሮግራም ተጀመረ።

አራት ከብት ያለውን ቤት እንውሰድ። ከብቶቹ ማታ በረት ይገባሉ። ጠዋት ከእያንዳንዳቸው 5 ኪሎ እበት ቢዛቅ 20 ኪሎ ይሆናል። በዚያው ልክ 20 ሊትር ውሃ ተጨምሮበት ይበጠበጣል። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ ከ20 ኪሎው በቀን 800 ሊትር ተገኘ ማለት ነው። ለኛ ጀሪካን ውሃ የሚያስፈልገው 550 ሊትር ያህል ነው። የተረፈው ለሁለት ሰዓት ያህል መብራት ይሆናል። ይህ ቤት በቀን 3 ኪሎ እንጨት ቢያተርፍ በዓመት 11 ኩንታል ያህል ይመጣል። እበቱም እንደ ኩበት ነዶ አይጠፋም። ከጉድጓዱ የሚወጣው ዝቃጭ ለእርሻ ማዳበሪያ ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን ወደ ኋላም እንቁጠረው። ሁለቱ ከብቶች ተሸጡ እንበል። እበቱ 10 ኪሎ፣ ጋዙም 400 ሊትር ሆነ፤ ወጡ ሳይበስል እሳቱ ይጠፋል። ውሃው ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ በየቀኑ አንድ ጀሪካን ትርፍ ውሃ ማን ይሸከማል? ባለቤቱ ግንበኛ ከመጥራቱ በፊት ይህን ጥያቄ ለባለቤቲቱና ለልጆቹ ያቅርብ። ብዙ ጉድጓዶች ሥራ ያቆሙት ግንባቸው ፈርሶ ሳይሆን እበትና ውሃ የሚያቀርብላቸው ጠፍቶ ነው። ሲሚንቶና ቧንቧው የሚጠይቀው ወጪም ከፍ ያለ ነው። በደጋ ብርድም ጋዙ ይቀንሳል። የሳሙና እጣቢና የከብት መዥገር መድኃኒት ያለበት ውሃ ወደ ጉድጓዱ ከገባ ተሕዋስያኑ ይሞታሉ። እሳቱ ጥሩ ሲሆን ሰማያዊ ነው። ነበልባሉ ከተንቀጠቀጠና ከተቆራረጠ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟልና የውሃ ማውጫው ይከፈትለት።

እንጀራውስ? ምጣድ ሰፊ ነው፤ ጠርዙም መሐሉም እኩል መጋል አለበት። የፈርኔሎ ፍምም ሆነ የጋዝ ምድጃ ጠባብ ነበልባል መሐሉን አሳርሮ ጠርዙን ጥሬ ያስቀረዋል። ብዙ ቤት ውስጥ ደግሞ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ምጣዱ ነው። ስለዚህ ባዮጋዝ ያስገባ ቤትም ቢሆን ለእንጀራ እንጨት መፈለጉ አይቀርም። እዚህ ላይ የሚረዳው ዙሪያውን በሲሚንቶና በአሸዋ ተሠርቶ የሚከደነው ምርጥ ምጣድ ነው። እሳቱን ከነፋስ ስለሚጋርደው ጉልቻው ከሚፈጀው እንጨት ግማሽ ያህሉን ያስቀራል። አፉ በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ጋጋሪዋን ወላፈን አይገርፋትም። ጢሱ ግን ከቤት እንዲወጣ መውጫው በግድግዳው በኩል ወደ ውጭ መዞር አለበት።