«ላለመቀበል STOP ይላኩ» ማለት ምን ይጠይቃል?
የጅምላ ኤስኤምኤስ አሠራር በአንድ ላውንደሪ ምሳሌ

ስልካችሁን አውጡና የደረሷችሁን መልዕክቶች አንድ አፍታ ተመልከቱ። ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚመጣው CBE የሚል ስም ይዞ ይመጣል። ከቴሌብር የሚመጣው ደግሞ 127 የሚል ቁጥር አለው። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው፦ ቁጥር አድራሻ ነው፣ ባለቤቱ መቀበያ ካዘጋጀለት መልስ ይደርሰዋል። ለሕዳሴው ግድብ ገቢ ማሰባሰቢያ የዋለውን 8100 ያስታወሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስም ግን መለያ እንጂ አድራሻ አይደለም። «መልሰህ ላክልኝ» ቢባል እንኳ መልሱ የሚሄድበት ቦታ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህችን አንድ ነጥብ ነው። አንድ አነስተኛ ንግድ ቤት ለደንበኞቹ ማስታወቂያ በኤስኤምኤስ ሲልክ፣ ደንበኛው «በቃኝ» የሚልበትን በር ቀድሞ ካልሠራ በኋላ ሊሠራው አይችልም። ምሳሌዬን ከማውቀው ሠፈር፣ ከኢምፔሪያል ልውሰድ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚወስደው ቀለበት መንገድ አቅራቢያ አንድ ላውንደሪ አለ እንበል። ልብስ ሲረከብ የደንበኛውን ስልክ በደረሰኝ ላይ ይጽፋል። በዚህ መንገድ 400 ቁጥር ሰብስቧል፣ አሁን የብርድ ልብስ እጥበት ቅናሽ ሊያስታውቅ ፈልጓል።

መጀመሪያ የሚመጣው የላኪ ስም ነው። ስሙ ከ11 ፊደልና አሃዝ መብለጥ አይችልም፣ ክፍት ቦታም ይቆጠራል። በግዕዝ ፊደልም አይጻፍም። LAUNDRY የሚለው ብቻውን 7 ስለሚወስድ ለቤቱ መጠሪያ የሚቀረው 4 ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጠሪያውን አስቀድሞ ላውንደሪ የሚለውን መተው ይሻላል። ስሙን ላኪው ራሱ የሚጽፈው በመሆኑ ማንም የባንክ ስም ለጥፎ እንዳይልክ ስሞች አስቀድመው ይመዘገባሉ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ሳፋሪኮም ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ስለሚሠራ ባለ ላውንደሪው አቅራቢውን ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ «ስሜ በ09ም በ07ም መረብ ጸድቋል ወይ?» በአንዱ ብቻ ከሆነ የሌላው ደንበኞች መልዕክቱን ላያገኙ ይችላሉ።

ቀጥሎ መልዕክቱ ይጻፋል። የላቲን ፊደል ብቻ ያለበት ኤስኤምኤስ 160 ፊደል ይይዛል። አንድም የግዕዝ ፊደል ከገባበት ግን ሙሉው መልዕክት 70 ብቻ ይሆናል። ከ70 ካለፈ ይከፈላል፣ እያንዳንዱም ክፍል 67 ይይዛል፤ ሒሳቡም በክፍል ነው። እስቲ ይህን እንቁጠር፦

«ውድ ደንበኛችን፣ ከሰኞ ጀምሮ የብርድ ልብስ እጥበት በ20% ቅናሽ። ኢምፔሪያል፣ ከሆቴሉ ጀርባ።»

ክፍት ቦታና ነጥቡ ተቆጥሮ 60 ነው። በአንድ ክፍል ያልቃል፣ ለ400 ሰው 400 ሒሳብ ማለት ነው። አሁን «ላለመቀበል STOP ብለው ወደ 0000 ይላኩ።» ብለን እንጨምርበት (0000 ለምሳሌ ያህል ነው)። ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር 29 ይጨምራል፣ ድምሩ 89 ይሆናል። ሁለት ክፍል ሆነ፣ ሒሳቡም 800። እንግዲህ ያች የመጨረሻ መስመር በቀላሉ የምትቆረጠው ለዚህ ይመስለኛል፤ ዋጋውን እጥፍ ያደረገችው እሷ ናትና። መቆረጥ ያለበት ግን ሌላው ነው፦

«ከሰኞ ጀምሮ ብርድ ልብስ እጥበት 20% ቅናሽ። ኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ። ለማቆም STOP ወደ 0000»

ይህ 63 ነው፣ በአንድ ክፍል ገባ። የቤቱ ስም ከላይ በላኪው ቦታ ስለሚታይ በውስጥ መድገም አላስፈለገም። ልብ በሉ፣ መልሱ የሚሄደው ወደ ስሙ ሳይሆን ወደ ቁጥሩ ነው። አጭር ቁጥር መያዝ የማይችል ቤት «ለማቆም» ብሎ የራሱን የሞባይል ቁጥር ቢጽፍ ይሆናል። ቁጥሩን ሳይጽፉ «STOP ብለው ይመልሱ» ማለት ግን በር የሌለው ቤት ውስጥ «ውጡ» እንደማለት ነው።

መልዕክቱ ከተላከ በኋላ ሁለት መልስ ይመጣል፤ እነሱን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የመልዕክት ማዕከሉ «ተቀብያለሁ» ሲል የሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው። ይህ ማዕከሉ ዘንድ መድረሱን እንጂ ስልኩ ዘንድ መድረሱን አይናገርም። ሁለተኛው የመድረሻ ሪፖርት ሲሆን ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያለ መስመር ነው፦

```
id:0482 sub:001 dlvrd:001 submit date:2403090930 done date:2403090931 stat:DELIVRD err:000
```

ዋናው stat ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቃል ነው። ከ400ው 352 DELIVRD፣ 31 EXPIRED፣ 17 UNDELIV ቢሆን ምን እንረዳለን? DELIVRD ስልኩ መልዕክቱን ተረክቧል ማለት ነው፤ ሰው አንብቦታል ማለት አይደለም። EXPIRED ስልኩ ዝግ ወይም ከመረብ ውጪ ሆኖ የመጠበቂያው ጊዜ አለፈ ማለት ነው፤ ሌላ ቀን መሞከር ይቻላል። UNDELIV ማድረስ አልተቻለም ማለት ሲሆን ቁጥሩን ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር ይገባል። የUNDELIV ብዛት ድንገት ከጨመረ ግን ከመረቡ በፊት ዝርዝሩን ተጠራጠሩ። ኤክሴል ከ09 ፊት ያለችውን ዜሮ ይጥላል፣ 251 ብለው የሚጀምሩትን 12 አሃዞች ደግሞ 2.51912E+11 አድርጎ ያሳያል፤ እንዲያ ሆኖ ከተቀመጠ ቁጥሩ ጠፍቷል። መፍትሔው ቁጥሮቹን ከመጻፍ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ ብሎ መመደብ ነው።

በመጨረሻ STOP ያሉት ይመጣሉ። እዚህ ላይ የሚቀናው ነገር ቁጥሩን ከዝርዝሩ መሰረዝ ነው፤ ግን አያዛልቅም። ያ ደንበኛ በሚቀጥለው ወር ሸሚዝ ይዞ ሲመጣ ቁጥሩ እንደገና ከደረሰኝ ወደ ዝርዝሩ ይገባል፣ ማስታወቂያውም ይቀጥላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው «የማይላክላቸው» የሚባል የተለየ መዝገብ ነው። ከእያንዳንዱ መላክ በፊት ዝርዝሩ ከዚህ መዝገብ ጋር ይመሳከራል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ካልተያዙ ግን ማመሳከሩ ከንቱ ነው፤ በአንዱ 09፣ በሌላው 2519 ተብሎ የተጻፈውን ሰው ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰው ያደርገዋል። በተጨማሪም ሁሉም ሰው STOP ብሎ አይጽፍም። «አቁሙ» የሚል አለ፣ «ተውኝ ባካችሁ» የሚልም አይጠፋም። STOPን ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት እነዚህን ያልፋቸዋል፤ ስለዚህ የገቡትን መልሶች አንድ ሰው በዓይኑ ማንበብ አለበት።

«ብርድ ልብስዎ ደርሷል፣ ይውሰዱ» የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ደንበኛው ቁጥሩን የሰጠው ለዚሁ ነው፤ ማስታወቂያ ይቁምልኝ ያለ ሰው ልብሱ መድረሱን አይወቅ ማለት አይደለም። በዚያው ልክ ለልብሱ የሰጠው ቁጥር ለማስታወቂያ ተሰጠ ማለትም አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ፈቃድ የሰጠ ሰው ፈቃዱን መልሶ ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ለላውንደሪው ይህ በተግባር ሁለት ነገር ነው፦ በደረሰኙ ላይ «ስለ ቅናሽ መልዕክት እንድንልክልዎ ይፈቅዳሉ?» የምትል አንዲት መስመር፣ ከዚያም መልስ የሚቀበል ቁጥር። ሁለቱ ሳይሟሉ ስም ማስመዝገቡም ሆነ ሪፖርት መቁጠሩ ቢቆይ ይሻላል።